አንድ ሰው ለመቅጠር የሚያሳምን ወረቀት

በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል ውስጥ አንድ የተለመደ ደብዳቤ አለ። «ክፍላችን ካለበት ከፍተኛ የሥራ ጫና አንጻር አንድ ተጨማሪ ሠራተኛ እንዲቀጠርልን በትህትና እንጠይቃለን» ይላል። ኅዳጉ ላይ በእጅ የተጻፈ መልስ ይኖረዋል፦ «ለጊዜው ባለው የሰው ኃይል ይሠራ»። በዓመቱ ያው ደብዳቤ ቀኑ ተቀይሮ እንደገና ይጻፋል፤ ያው መልስ ይሰጠዋል። ጠያቂው አልዋሸም፤ ሠራተኞቹ በእርግጥ እያመሹ ነው። ከልካዩም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ደብዳቤው ውስጥ ሊወሰንበት የሚችል ነገር ስለሌለ ነው። ጫና የለብኝም የሚል የሥራ ክፍል የትም የለም፤ ሁሉም ጫና ካለበት ደግሞ ጫና ብቻውን አንዱን ከሌላው አስበልጦ ለመቅጠር ምክንያት አይሆንም።

ለውሳኔ የሚበቃ ወረቀት ሁለት ነገር መመለስ አለበት። ሥራው ወረፋ በመያዙ ድርጅቱ በብር ምን ያህል እያጣ ነው? አንድ ሰው ቢጨመርስ ወረፋው በስንት ቀን ያጥራል? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ ሌላው ሁሉ ማስረጃና ማብራሪያ ነው። ካልተመለሱ ግን ስለ ድካም፣ ስለ ምሽት ሥራና ስለ ሠራተኛ ቅሬታ የሚጻፈው ሁሉ እውነት ቢሆንም በጀት አያስለቅቅም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ብናየው ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ለሆስፒታሎችና ለጤና ጣቢያዎች የሕክምና ዕቃ በዱቤ የሚያከፋፍል የግል ድርጅት አለ እንበል። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው፤ የሥራው ሁኔታ ግን በዚህ ዘርፍ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በሂሳብ ክፍሉ ውስጥ የዱቤ ሽያጭን የሚከታተሉ 4 ሠራተኞች አሉ። ዕቃው ደንበኛው ዘንድ ከደረሰ በኋላ የተፈረመው ማስረከቢያ ወደ እነሱ ይመጣል። እነሱም ከግዢ ትዕዛዙ ጋር ያመሳክሩታል፣ ከመንግሥት ሆስፒታል ከሆነ የንብረት ክፍሉ የሚቆርጠውን ሞዴል 19 ያያይዛሉ፣ ደረሰኝ ይቆርጣሉ፣ የክፍያ መጠየቂያውን አዘጋጅተው ይልካሉ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ እስኪገባ በስልክና በአካል ይከታተላሉ፤ ከፋዩ ቆርጦ ያስቀረውን የቅድመ ግብር ደረሰኝም ይሰበስባሉ። ያ ደረሰኝ ካልተሰበሰበ ድርጅቱ የተቀነሰበትን ገንዘብ ከትርፍ ግብሩ ላይ ማቀናነስ ስለማይችል፣ የተረሳ ደረሰኝ ማለት ሁለት ጊዜ የተከፈለ ግብር ማለት ነው።

የክፍሉ ኃላፊ የመጀመሪያ ሥራዋ መጻፍ ሳይሆን መቁጠር ነው። በወር ስንት ፋይል ይገባል? ከመዝገቡ ሲታይ በአማካይ 640። አንዱ ፋይል ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ይኼኛውን ሠራተኞቹን በመጠየቅ ማወቅ አይቻልም፤ ሰው የሚያስታውሰው ያስቸገረውን ፋይል ነውና ሁልጊዜም አብዝቶ ይናገራል። ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት እያንዳንዱ ሠራተኛ ፋይሉን የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት በወረቀት ጠርዝ ላይ ቢጽፍ በቂ ነው። አራቱ ሳምንታት የወር መጨረሻን ማካተታቸውን ማረጋገጥ ግን ግድ ነው። በእኛ ምሳሌ አማካዩ 40 ደቂቃ ሆነ። በዚህ ስሌት ፋይሎቹ ብቻ በወር 427 ሰዓት ይወስዳሉ። ገንዘብ ለመሰብሰብ የሚደረገው ክትትል 110 ሰዓት፣ የወር መጨረሻ ማስታረቅና የግብር ማሳወቅ ሥራ 70 ሰዓት ይፈልጋል። ድምሩ 607 ሰዓት ነው።

አሁን ደግሞ ያለውን አቅም እንይ። ብዙ ወረቀት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 44 ሰዓት ይሠራል ተብሎ በአራት ሳምንት ተባዝቶ 176 ሰዓት ይጻፋል። ነገር ግን በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ገና በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት አለው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። የበዓላት ቀናት አሉ፣ ሕመም አለ፣ ለቅሶ አለ። ስብሰባው፣ የኦዲተር ጥያቄውና የሲስተም መቋረጡም ሰዓት ይበላሉ። ይህ ሁሉ ሲቀነስ ለፋይል ሥራ የሚተርፈው በአንድ ሰው በወር 140 ሰዓት ያህል ነው፤ ለአራቱ 560። ሥራው 607፣ አቅሙ 560። ክፍሉ ከአቅሙ በላይ 8 በመቶ ተጭኗል ማለት ነው።

47 ሰዓት ይጎድላል። እዚህ ላይ ጥሩ የፋይናንስ ዳይሬክተር ወዲያው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «የጎደለሽ የአንድ ሰው ሲሶ ነው፤ ሙሉ ሰው ለምን ትጠይቂኛለሽ?» ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። እኔ ካየኋቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ የወደቁት ለዚህ መልስ ስላልነበራቸው ነው።

መልሱ ያለው ወረፋ በሚባለው ነገር ጠባይ ውስጥ ነው። ኤርላንግ የተባለው የዴንማርክ ሒሳብ ሊቅ ለኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ፣ በ1909 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የስልክ ጥሪዎች አመጣጥን በሒሳብ መግለጽ ጀመረ፤ የወረፋ ሒሳብ የሚባለው የትምህርት ዘርፍም ከእሱ ሥራ ተነሣ። ከዚያ ዘርፍ የተገኘው ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግኝት ቀላል ነው። ሥራ በተመጠነ ሰዓት አይመጣም፤ አንድ ቀን 10 ፋይል፣ በማግስቱ 45 ይገባል። ሠራተኛው ፋታ ከሌለው ትናንት የተከማቸውን ዛሬ የሚያጸዳበት ጊዜ አያገኝም። አንድ ሠራተኛ ብቻ ባለበት በጣም ቀላል በሆነው ስሌት፣ የሠራተኛው ጊዜ 80 በመቶ ከተያዘ አንድ ጉዳይ በአማካይ ራሱ የሚፈጀውን ጊዜ 4 እጥፍ ይጠብቃል። 90 በመቶ ከተያዘ 9 እጥፍ፣ 95 በመቶ ከተያዘ 19 እጥፍ። መቶ ሲሞላ ወረፋው ማብቂያ የለውም። አራት ሰው ባለበት ቁጥሮቹ ይለሰልሳሉ፤ የነገሩ አካሄድ ግን ያው ነው። በሰዓቱ የሚሞላና የሚወጣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ጥቂት መኪና ሲቀር ሰልፉ በጥቂት ሳይሆን እስከ ማዞሪያው እንደሚረዝመው ነው።

ስለዚህ የጎደለውን 47 ሰዓት ብቻ መሙላት ክፍሉን ወደ 100 በመቶ ያደርሰዋል፤ ወረፋው ማደጉን ያቆማል እንጂ አይቀንስም። አምስተኛ ሰው ሲገባ አቅሙ 700 ሰዓት ይሆንና ጫናው ወደ 87 በመቶ ይወርዳል። ኃላፊዋ የምትጠይቀው ተጨማሪ ሰው ዋጋው ያለው በዚህች ባዶ በምትመስል ጊዜ ውስጥ ነው። ይህን በወረቀቱ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ያስፈራል፤ «አንዳንዴ ሥራ የሚፈታ ሰው ልቅጠር» ያልን ስለሚመስለን። ነገር ግን ካልተጻፈ ዳይሬክተሩ ራሱ ሲያሰላ ይደርስበታል፣ ያኔ ደግሞ የተደበቀበት ይመስለዋል።

የወረፋውን ርዝመት መለካት የሚያስፈልገው ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቁጠር ብቻ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ጆን ሊትል የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ማረጋገጫ የሰጠው ሕግ እንዲህ ይላል፦ በመጠባበቅ ላይ ያለው ብዛት በቀን ለሚገባው ብዛት ሲካፈል አማካይ የቆይታ ጊዜ ይገኛል። በወር 640 ማለት በቀን 21 ከምናምን ነው። ኃላፊዋ መደርደሪያውንና ጠረጴዛዎቹን ስትቆጥር ያልተላኩት ፋይሎች 192 ሆኑ። ስታካፍለው 9 ቀን። ማስረከቢያው ክፍሉ ከገባ ጀምሮ መጠየቂያው እስኪላክ በአማካይ 9 ቀን ያልፋል ማለት ነው። ሾፌሩ ማስረከቢያውን ከጅማ ወይም ከጎንደር ይዞ እስኪመለስ ያለው ጊዜ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ አዲሱ ሠራተኛ እሱን ሊያሳጥረው አይችልምና። የሌላውን ክፍል መዘግየት ጨምሮ ቁጥሩን ማሳበጥ በዚህ ሥራ ላይ ከሚደረጉ ስሕተቶች ሁሉ በቀላሉ የሚጋለጠው ነው።

ይህን ቁጥር ከኮምፒውተሩ መዝገብ ጋር ማመሳከርም ይገባል። በኤክሴል የገባበት ቀን በአንድ ዓምድ፣ የተላከበት ቀን በሌላ ይቀመጥና `=C2-B2` ብሎ ማውጣት ነው። ታዲያ እኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም አንድ ወጥመድ አለ። የሆስፒታሉ ንብረት ኃላፊ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ሲስተሙ የሚይዘው በፈረንጅ ነው። ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. 5/3/2017 ተብሎ እንደ ወረደ ከገባ፣ ኮምፒውተሩ እንደ ሌላ ወርና እንደ ሌላ ዓመት ያነበዋል፤ ትክክለኛው ግን 14/11/2024 ነበር። በሺህ የሚቆጠር ቀን የዘገየ ፋይል ዝርዝሩ ውስጥ ከታየ ምክንያቱ ይኼ ነው። አማካዩ ከመወሰዱ በፊት ከ60 ቀን በላይ የሚያሳዩትንና ከዜሮ በታች የወጡትን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። ለዳይሬክተሩ የቀረበው ዝርዝር ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ቀን ከተገኘ የተቀሩት ቁጥሮች ሁሉ ይጠረጠራሉ።

ከዚህ በኋላ 9 ቀን ወደ ብር ይለወጣል። ሆስፒታሉ 45 ቀን የመክፈያ ጊዜ ካለው፣ መቁጠር የሚጀምረው መጠየቂያው ከደረሰው ዕለት ነው። እኛ ዘንድ የባከነው እያንዳንዱ ቀን ገንዘቡ የሚገባበትን ቀን በዚያው ልክ ይገፋል። ድርጅቱ በዓመት 300 ሚሊዮን ብር በዱቤ ይሸጣል እንበል። ኃላፊዋ ግን ሁሉንም አትቆጥርም። አንዳንዱ የመንግሥት ተቋም መጠየቂያው ዛሬም ይድረሰው ከሳምንት በኋላ የሚከፍለው በጀት ሲለቀቅለት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ባሉት ሳምንታት። ለእነዚህ ደንበኞች ፈጥኖ መላክ ገንዘቡን አያፈጥነውም። እነሱን ስታወጣ ቀን ቆጥረው የሚከፍሉት ደንበኞች 216 ሚሊዮን ብር ሆኑ፤ በቀን 592 ሺህ ብር ገደማ ነው።

ሰው ቢጨመር 9 ቀኑ ስንት ይሆናል? ይህ ግምት የወረቀቱ ልብ ነው፤ ከአየር ላይ ሊወሰድ አይገባም። ከሒሳብ ቀመር ይልቅ የክፍሉ ያለፈ መዝገብ ያሳምናል። በሐምሌና በነሐሴ የመንግሥት ደንበኞች አዲሱን በጀት ገና እያስተካከሉ ስለሆነ ግዢ ይቀዘቅዛል። በምሳሌያችን በእነዚያ ወራት የገቡት ፋይሎች በወር ወደ 500 ወርደው ነበር፤ ይህም ጫናውን 92 በመቶ ገደማ ያደርገዋል። በነሐሴ መጨረሻ መጠበቂያው ወደ 4 ቀን ወርዶ ተገኘ። ስለዚህ አምስተኛ ሰው ሲገባና ጫናው ከዚያም በታች ሲወርድ 4 ቀን ብሎ መገመት ድፍረት አይደለም። ከዚያ በታች ዝቅ ማድረግ ግን አይገባም፤ ሞዴል 19 ለማግኘት ሆስፒታሉ ንብረት ክፍል የሚደረገው ምልልስ ሰው ቢጨመርም የተወሰነ ቀን መውሰዱ አይቀርም።

5 ቀን ተቆጠበ። 5 ቀን በ592 ሺህ ሲባዛ 2.96 ሚሊዮን ብር ከደንበኛ እጅ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ቀድሞ ይገባል። ይህ ገንዘብ ትርፍ አይደለም፤ ያው የራሳችን ገንዘብ ነው፤ ትርፍ ብሎ የጻፈው ሰው በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይታረማል። ጥቅሙ ያለው ድርጅቱ በባንክ ኦቨርድራፍት የሚሠራ ከሆነ በዚያ መጠን የሚበደረው ስለሚቀንስ ነው። ባንኩ የሚያስከፍለው ወለድ 17 በመቶ ቢሆን በዓመት 503 ሺህ ብር ይቆጠባል። ድርጅቱ ብድር የሌለበትና ገንዘቡ ባንክ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ይህ ቁጥር የቁጠባ ወለዱን ያህል ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ወረቀቱ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

ወጪው ሲሰላ ደመወዙን ብቻ መጻፍ ጥያቄውን ያዳክመዋል። የ22 ሺህ ብር ደመወዝተኛ ለድርጅቱ 22 ሺህ ብር አይፈጅም። አሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይጨምራል፤ 2,420 ብር። የትራንስፖርትና የስልክ አበል 2,500 ቢሆን በወር 26,920 ይሆናል። በዓመት 323 ሺህ፣ የአንድ ወር ቦነስ ካለ 345 ሺህ። በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ኮምፒውተሩ፣ ጠረጴዛውና የቅጥር ሒደቱ 85 ሺህ ብር ይወስዳሉ። ሁሉንም ከጻፉት ዳይሬክተሩ የሚጨምርበት ነገር ያጣል።

የምሽት ሥራ ክፍያም በሒሳቡ ውስጥ ይግባ። ክፍሉ የጎደለውን 47 ሰዓት አሁን እንዴት እየሞላው ነው? 25 ሰዓት ያህሉን በትርፍ ሰዓት፣ የተቀረውን ደግሞ የክትትሉን ሥራ በመተው። በአዋጁ መሠረት የቀን ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ የእነዚህ ሰዎች የአንድ ሰዓት ክፍያ 106 ብር ገደማ ስለሆነ በዓመት 48 ሺህ ብር ያህል ይወጣል። ሰው ሲጨመር ይህ ይቀራል። ጠቅላላ ጥቅሙ ወደ 551 ሺህ ብር ደረሰ ማለት ነው።

ዳይሬክተሩ እዚህ ጋ የሚያነሣው ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣል፦ «ታዲያ ሁሉንም 47 ሰዓት በትርፍ ሰዓት ብናሠራው በዓመት 90 ሺህ ብር አይበቃንም?» በብር ብቻ ከታየ ልክ ነው፤ ልክ መሆኑን መካድም አያስፈልግም። ነገር ግን ቀደም ብለን እንዳየነው 47 ሰዓቱ ወረፋውን ባለበት ያቆመዋል እንጂ አያሳጥረውም፤ 9 ቀኑ 9 ቀን ሆኖ ይቀራል፣ 503 ሺህ ብሩም አይገኝም። ከዚህም ሌላ አዋጁ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ የሚፈቅደውም አደጋ ሲደርስ ወይም ሲያሰጋ፣ አስቸኳይ ሥራ ሲያጋጥምና በመሳሰሉት ሁኔታዎች ነው። ዓመቱን ሙሉ በየወሩ የሚደረግ ትርፍ ሰዓት አስቸኳይ ነው ብሎ ማስረዳት ያስቸግራል። ለተወሰነ ጊዜ ኮንትራት መቅጠርም እንዲሁ ነው። አዋጁ ያልተለመደ የሥራ ጫና ሲያጋጥም ይፈቅደዋል፤ በክፍሉ ያለው ጫና ግን የዘወትር ነው፣ የወረቀቱም መነሻ ይኸው ነው።

ሌላም አማራጭ አለ፤ ብዙ ጠያቂዎች የሚዘሉት እሱን ነው። ሥራውን ራሱን መቀነስ። ኃላፊዋ ሰዓት ስታስመዘግብ ከአምስት ፋይል አንዱ ለእርማት እንደሚመለስ አየች፤ ማስረከቢያው ላይ የባች ቁጥር አልተጻፈም፣ ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ብዛቱ ከትዕዛዙ ጋር አይገጥምም። በወር 128 ፋይል፣ እያንዳንዱ 25 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ ጊዜ ይፈጃል፤ ድምሩ 53 ሰዓት። ከጎደለው 47 ሰዓት ይበልጣል! እንዲህ ያለ ቁጥር ሲገኝ ሰው ደንግጦ ሊደብቀው ይፈልጋል፤ ጥያቄውን የሚገድለው ይመስላልና። መደበቅ የለበትም። ከመጋዘኑ ጋር ተነጋግራ፣ ሾፌሮቹ ከመውጣታቸው በፊት የሚያረጋግጡት አጭር ቅጽ አዘጋጅታ፣ በአንድ ወር ሙከራ እርማቱን በግማሽ አወረደችው፤ 27 ሰዓት ተቆጠበ። የቀረው ግማሽ ሆስፒታሎቹ ዘንድ የሚፈጠር ነው፤ ከእጇ ውጭ ነው። ሥራው ከ607 ወደ 580 ወረደ፤ አቅሙ ያው 560። አሁንም ከመቶ በላይ ነው። አምስተኛ ሰው ሲገባ ግን ጫናው 83 በመቶ ይሆናል። የራሷን ቤት ጠርጋ የመጣች ኃላፊ «መጀመሪያ አሠራራችሁን አስተካክሉ» የሚለውን መልስ ቀድማ ዘግታዋለች። በእኔ እምነት ከሁሉም ገጾች ይልቅ ጥያቄውን የሚያስፈቅደው ይህ አንድ አንቀጽ ነው።

አሁን ወረቀቱ ይጻፍ። ሁለት ገጽ ይበቃዋል፤ ዝርዝሩ በአባሪ ይከተላል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጥያቄውንና ውጤቱን አብሮ ይይዛል፦ «በዓመት 345 ሺህ ብር ወጪ አንድ የዱቤ ሂሳብ ሠራተኛ ቢጨመር፣ የክፍያ መጠየቂያ የሚላክበት ጊዜ ከ9 ቀን ወደ 4 ቀን ወርዶ በዓመት 551 ሺህ ብር የወለድና የትርፍ ሰዓት ወጪ ይቀንሳል።» በሥራ የተወጠረ ሰው ከዚህ በኋላ ባያነብ እንኳ ምን እንደተጠየቀ ያውቃል። የተለመደውን የመግቢያ ሐተታ፣ የድርጅቱን ራዕይና ተልዕኮ፣ የሠራተኛውን ቁርጠኝነት መጻፍ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የመጀመሪያው ዓመት በሐቅ ይቀመጥ። አዲስ ሰው በገባበት ቀን ወረፋ አያሳጥርም። ሥራውን እስኪለምድ ሦስት ወር ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዲያውም የሚያሠለጥነውን ሰው ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የሚገኘው ጥቅም የዘጠኝ ወሩ ብቻ ነው፤ 413 ሺህ ብር። ወጪው ከኮምፒውተሩ ጋር 430 ሺህ። ድርጅቱ በመጀመሪያው ዓመት 17 ሺህ ብር ይከስራል፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ወደ 206 ሺህ ብር ያተርፋል። የመጀመሪያ ዓመት ኪሳራን የሚያሳይ ወረቀት ከማይታመን ትርፍ ይልቅ ይታመናል።

ከዚያም ግምቱ ቢሳሳት ምን እንደሚሆን ይነገር። መጠበቂያው በ5 ቀን ሳይሆን በ3 ቀን ብቻ ቢያጥር የወለዱ ቁጠባ 302 ሺህ ይሆናል፤ ከትርፍ ሰዓቱ ጋር 350 ሺህ ብር። ይህ ከዓመታዊ ወጪው ጋር እኩል ለእኩል ነው ማለት ይቻላል። ድንበሩ እዚያ ላይ ነው፤ ከ3 ቀን በታች ካጠረ ቅጥሩ ራሱን አይችልም። ይህችን አንድ ቁጥር ለዳይሬክተሩ መስጠት ትልቅ ነገር ነው። ክርክሩን «ጫና አለ ወይስ የለም» ከሚለው አውጥቶ «ቢያንስ 3 ቀን ይቀንሳል ብለን እናምናለን ወይ» ወደሚለው ያመጣዋል፤ ይኼኛው ደግሞ በመዝገብ የሚመለስ ጥያቄ ነው።

በብር ያልተለወጠውም በአጭሩ ይጠቀስ። ከአራቱ አንዱ ቢለቅ ሥራው ለሦስት ሰው ይቀራል፤ ጫናው ከ138 በመቶ በላይ ይሆናል፣ ምትክ እስኪገኝም በየወሩ ወደ 240 የሚጠጋ ፋይል ይከማቻል። ያልተሰበሰቡ የቅድመ ግብር ደረሰኞችም አሉ። ስንት እንደሆኑና ስንት ብር እንደያዙ ከተቆጠረ ቁጥሩ ይግባ፤ ካልተቆጠረ በግምት አይጻፍ። አንድ የተጋነነ ቁጥር የተቀሩትን ጥሩ ቁጥሮች ይዞ ይወድቃል። በዚሁ ምክንያት «ሁለት ጠይቄ አንድ ይፈቀድልኛል» የሚለው የተለመደ ብልሃት እዚህ አይሠራም፤ ስሌቱ ለአንድ ሰው ነው የሚቆመው፣ ለሁለተኛው የሚሆን ሥራ እንደሌለ ራሱ ወረቀቱ ይመሰክራል።

መጨረሻ ላይ ኃላፊዋ ቃል ትገባለች። በየወሩ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለው ፋይል ተቆጥሮ ለዳይሬክተሩ ይላካል፤ በስድስተኛው ወር መጠበቂያው ከ6 ቀን በታች ካልወረደ ነገሩ እንደገና ይታያል። አዋጁ የሚፈቅደው 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ለዚህ እንደማያገለግል ልብ ይሏል፤ እሱ ሰውየው ለቦታው ተስማሚ መሆኑን ለመመዘን ነው እንጂ ቦታው ያስፈልጋል ወይ የሚለውን ለመፈተን አይደለም። ቦታው ካላስፈለገ ሠራተኛውን ጡረታ ወደሚወጣ ሰው ቦታ ወይም ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር እንደሚቻል አስቀድሞ ከሰው ኃይል ክፍሉ ጋር ተነጋግሮ መጻፍ ነው።

ይህም ሆኖ «በጀት የለም» ሊባል ይችላል፤ አንዳንዴም እውነት ነው። ያኔ ወረቀቱ ሌላ ሥራ ይጀምራል። 580 ሰዓት ሥራ በ560 ሰዓት አይሠራም፤ 20 ሰዓት ከአንዱ ሥራ ላይ መነሣት አለበት። እስካሁን የትኛው እንደሚነሣ የሚወስነው ስልክ ሲጮህበት የነበረው ሠራተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚተወው ማንም የማይጮኽለት የገንዘብ ክትትልና የቅድመ ግብር ደረሰኝ ነው። ኃላፊዋ የሥራዎቹን ዝርዝር ከሰዓታቸውና ከሚያስከትሉት ወጪ ጋር ለዳይሬክተሩ ታቀርብና የትኛው እንዲዘገይ እንደሚፈልግ ትጠይቀዋለች። ለምሳሌ ከትንንሽ ክሊኒኮች የሚሰበሰበው ጥቂት ብር በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይከታተል ሊል ይችላል፤ ወይም የሳምንቱ ሪፖርት ይቅር። ምርጫው በደብዳቤ ይሰጣት፤ በሚቀጥለው የበጀት ወቅትም 192 የነበረው ፋይል ስንት እንደደረሰ ከዚያው ደብዳቤ ጋር ታያይዘዋለች።